ከማይክሮፊልም ወደ ጥርት ገጽ፦ ለግዕዝ ብራና የሥልጠና ጥንድ ምስሎች አዘገጃጀት

አኅጽሮተ ጥናት

ሱፐር-ሪዞሉሽን ሞዴል ደብዛዛ ምስልን ማጥራት የሚማረው ከጥንድ ምስሎች ነው፤ ሁለቱም የአንድ ነገር ምስሎች ሲሆኑ አንዱ ደብዛዛ፣ ሌላው ጥርት ያለ ነው። ይህ መጣጥፍ በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም የተነሡ የግዕዝ ብራናዎችን ምሳሌ አድርጎ የጥንዶቹን አዘገጃጀት ይመረምራል። ደብዛዛው ወገን ፊልሙ ያለፈበትን መንገድ ተከትሎ ካልተሠራ ሞዴሉ ፊደል ከማጥራት ይልቅ ፊደል መፍጠር ይማራል የሚለው የመጣጥፉ ዋና መከራከሪያ ነው።

1. የጉዳዩ መነሻ

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ ቅጂዎቹም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የእንዲህ ያለ ፊልም ስካን ብዙ ጊዜ ይነበባል። ችግሩ የሚመጣው ትንንሾቹ ምልክቶች ላይ ነው። በሊ እና በሌ መካከል ያለው ልዩነት በቀኝ እግር ጫፍ ያለው ጭረት ቀጥ ያለ መሆኑ ወይም ቀለበት መሥራቱ ብቻ ነው። የቀለበቱ ቀዳዳ በብዥታ ሲሞላ ሁለቱ ፊደላት አንድ ይመስላሉ።

እንደ Real-ESRGAN ያሉ ዝግጁ ሞዴሎች የሠለጠኑት በአብዛኛው በተፈጥሮና በከተማ ፎቶግራፎች ነው። ለእነሱ የሣር ቅጠል አንድ ጭረት ቢጨመርበት ጉዳት የለውም። ለግዕዝ ግን ጭረት ማለት አናባቢ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ በራሱ በብራናው ምስል እንደገና መሠልጠን አለበት።

2. ደብዛዛውን ከጥርቱ መሥራት

የመጀመሪያው መንገድ በቀለም የተነሡ ጥርት ያሉ የብራና ገጾችን ወስዶ ፊልሙን እንዲመስሉ ማደብዘዝ ነው። ጥርቱን ምስል በባይኪዩቢክ ስሌት አሳንሶ ብቻ ጥንድ ማለት የተለመደ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይበቃም። በዚህ የሠለጠነ ሞዴል የሚያውቀው ንጹሕና ለስላሳ መደብዘዝን ብቻ ስለሆነ እውነተኛ ስካን ሲሰጠው የፊልሙን ቅንጣት እንደ ቀለም ቆጥሮ ያጎላዋል፤ ባዶው ኅዳግ በትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ይሞላል።

ስለዚህ በግምት ፋንታ ልኬት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ እንውሰድ። በፊልሙ ስካን ላይ ሃያ የመስመር ርቀቶች 600 ፒክስል ሲሸፍኑ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጽሑፍ በቀለም ፎቶው ላይ 2,580 ፒክስል ይሸፍናል እንበል። ምጣኔው 4.3 ነው፤ ሞዴሉ ግን አራት እጥፍ የሚያሳድግ ነው። ስለዚህ ፎቶው አስቀድሞ ወደ 93 በመቶ ያህል ይቀነስና ምጣኔው 4 ይሆናል። ይህ ሲታለፍ ሞዴሉ በሥልጠና ያያቸው ፊደላት በኋላ ከሚቀርቡለት የተለየ መጠን ይኖራቸዋል።

ቀጥሎ ብዥታው ይለካል። ወፍራም ቀጥ ያለ የፊደል እግር ተመርጦ ከብራናው ንጣት ወደ ቀለሙ ጥቁረት ያለው ሽግግር ስንት ፒክስል እንደሚወስድ ይታያል። ከ10 ወደ 90 በመቶ የሚደረገው ሽግግር 3 ፒክስል ከሆነና ብዥታው የጋውስ ቅርጽ አለው ብለን ከወሰድን፣ 3 ለ2.56 ሲካፈል መጠኑ (ሲግማ) 1.17 ገደማ ነው፤ በጥርቱ ምስል መጠን 4.7 ይሆናል። ጥርቱ ምስልም የራሱ ብዥታ አለው። እሱ 1.6 ቢሆን የሚቀነሰው በካሬ ነው፤ የ4.7 ካሬ ሲቀነስ የ1.6 ካሬ፣ ውጤቱም በካሬ ሥር ሲወጣ 4.4 ይሆናል።

የፊልሙን ቅንጣት በኮምፒውተር ከመፍጠር ይልቅ ከራሱ ከስካኑ መውሰድ ይሻላል። መስመር ያልተሰመረበትና ከጀርባው ጽሑፍ ያልዘለቀበት ኅዳግ ይቆረጣል፤ ለስላሳው የብርሃን ልዩነት ሲቀነስለት የሚቀረው ቅንጣቱ ነው። የተወሰደው ከስካን በኋላ ስለሆነ የሚጨመረውም ምስሉ ካነሰ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

```
g  = cv2.cvtColor(hr, cv2.COLOR_BGR2GRAY)
b  = cv2.GaussianBlur(g, (0, 0), 4.4)
lr = cv2.resize(b, None, fx=0.25, fy=0.25,
                interpolation=cv2.INTER_AREA)
lr = np.clip(lr + grain, 0, 255).astype(np.uint8)
```

ስካኑ በጄፔግ የተቀመጠ ከሆነ የጄፔግ መጨመቅ በመጨረሻ ይታከላል። የብዥታው መጠንም አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፤ ከተለያዩ ገጾች ተለክቶ በተገኘው ክልል ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁራጭ በዕጣ ይወሰዳል። ቀይ ቀለም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ፊልሙ ቀዩን ከጥቁሩ ምን ያህል እንዳፈዘዘው ታይቶ ወደ ግራጫ የሚቀየርበት ስሌት ከዚያ ጋር መስማማት አለበት።

3. እውነተኛ ጥንድና የመገጣጠም ችግር

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ማራኪ ነው፤ በፊልም የተነሣው መጽሐፍ ራሱ በኋላ በቀለም ከተነሣ የአንዱን ገጽ ሁለት ምስሎች ማጣመር ይቻላል። የብዥታው እውነተኛነት አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው መገጣጠሙ ነው። ብራና ቆዳ ስለሆነ በእርጥበት ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ገጹን በሙሉ እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚያዞር ሆሞግራፊ መሐሉን ቢያስማማ ጠርዙን ያስታል።

የሚሠራው አካሄድ ባለሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ በሆሞግራፊ ገጾቹ በግርድፉ ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ገጹ በትንንሽ ቁራጮች ተከፍሎ የእያንዳንዱ ጥንድ ቀሪ መንሸራተት ለብቻው ይለካል፣ ይታረማል። ከታረመ በኋላም በደብዛዛው ምስል ከግማሽ ፒክስል በላይ የሚንሸራተት ጥንድ መጣል ይኖርበታል፤ ግማሽ ፒክስል እዚያ ትንሽ ቢመስልም በጥርቱ ምስል ሁለት ፒክስል ነው። የተንሸራተቱ ጥንዶች ሲበዙ ሞዴሉ በግራና በቀኝ ያየውን ያማክላል፤ የፊደል እግሮች ይወፍራሉ፣ አንዳንዴም ጥላ ያወጣሉ።

በመሆኑም እውነተኛ ጥንዶች ጥቂት ከሆኑ ለፈተና ማቆየት፣ ለሥልጠና ደግሞ በልኬት የተደበዘዙትን መጠቀም ይመረጣል።

4. ሥልጠናና ፍተሻ

ጥንዶቹ ከተቆረጡ በኋላ በ Real-ESRGAN የጥርቱና የደብዛዛው ዝርዝር በዚህ ቅደም ተከተል ይዘጋጃል፦

```
python scripts/generate_meta_info_pairdata.py \
  --input datasets/hr_sub datasets/lr_sub \
  --meta_info datasets/meta_pair.txt
```

ለሥልጠናና ለፈተና የሚከፈለው በቁራጭ ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። የአንድ ጸሐፊ እጅ በሁለቱም ወገን ከገባ ፈተናው ሞዴሉ የሸመደደውን መልሶ ከመጠየቅ አያልፍም።

ከዚህ የሚከብደው ውጤቱን መመዘን ነው። ምስሉን ለዓይን ማራኪ የሚያደርገው የጋን ሥልጠና ጥርት ያለ ጠርዝን ስለሚሸልም ሞዴሉ በተጠራጠረ ጊዜ ቆርጦ እንዲወስን ይገፋዋል። ሊ ይሁን ሌ በማይለይበት ቦታ አንዱን መርጦ በጉልህ ይጽፋል። በፒክስል ልዩነት ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ግን ጥርጣሬውን በብዥታ ያሳያል። ለንባብ የሚውል ብራና ሁለተኛው ይሻለዋል።

ፈጠራን ለማጋለጥ አንድ ጠቃሚ ፍተሻ አለ። የጠራው ምስል በክፍል 2 በተለካው መንገድ እንደገና ተደብዝዞ ከመጀመሪያው ስካን ይቀነሳል። ልዩነቱ ቅንጣት ብቻ ከመሰለ ምስሉ ከስካኑ ጋር አይጋጭም፤ የፊደል ቅርጽ ከታየበት ግን ሞዴሉ ስካኑ የማይደግፈውን ጽፏል። የፍተሻው ወሰንም መታወቅ አለበት። ሊም ሌም ተደብዝዘው አንድ ዓይነት ጥላ የሚሰጡ ከሆነ ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። ስለዚህ ግዕዝ የሚያነብ ሰው የፈተናውን መጽሐፍ ከጠራው ምስል ይገልብጥ፤ ግልባጩም ከቀለም ፎቶው ጋር በፊደል በፊደል ይነጻጸር። የተቀየሩ ፊደላት ቁጥር ከማንኛውም የምስል ጥራት ነጥብ የበለጠ ይናገራል።

5. ማጠቃለያ

የጥንዶቹ ዋጋ ያለው ብዥታው፣ ምጣኔውና ቅንጣቱ ከፊልሙ ከራሱ በመለካታቸው ነው። ያም ሆኖ የቀለበቱ ቀዳዳ በስካኑ ላይ ከብዥታው አንሶ ከጠፋ መረጃው ከፊልሙ የለም፤ ማንኛውም ሥልጠና አይመልሰውም። ለጽሑፍ ኅትመት የሚሠራ ተመራማሪ የጠራውን ምስል ለንባብ ማቅለያ ይጠቀምበት፤ አጠራጣሪ ንባብን ሲወስን ግን ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ያለበት የፊልሙን ስካን ወይም ብራናውን ራሱን ነው።