ቂ ነው ወይስ ቄ? ስልካችን ያየውና የገመተው

ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። እስኪ እዚያ መንገድ ዳር ቆማችሁ 60 ሜትር ርቀት ላይ «መቄት» እና «ፍላቂት» የሚል ሰሌዳ በስልክ ስታነሱ አስቡት። ፎቶውን አስፍታችሁ ስታዩት ጭንቁ አንድ ነው፦ ከፊደሉ እግር ጎን ያለችው ምልክት ሰረዝ ናት ወይስ ቀለበት? ሰረዝ ከሆነች ቂ፣ ቀለበት ከሆነች ቄ ነው።

ስሌቱን አብረን እንስራው። ወደ ጎን 4000 ፒክስል ያለው የተለመደ የስልክ ፎቶ በዚህ ርቀት 80 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል። ስናካፍለው ለአንድ ፒክስል 2 ሳንቲሜትር ይደርሰዋል። ፊደሉ 20 ሳንቲሜትር ቢረዝም አሥር ፒክስል ያገኛል፤ 3 ሳንቲሜትር የሆነችው ምልክት ግን አንድ ፒክስል ተኩል ብቻ። በፎቶው ላይ የምትታየው እንደ ግራጫ ነጥብ ነው። ታዲያ ስልኩ ይህችን ነጥብ እንዴት ያጠራታል? ሁለት መንገዶች አሉ፤ ታሪካቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984 ፃይ እና ሁዋንግ ካሳተሙት ጥናት ይነሳል። መነሻቸው ሳተላይት ነበር። ሳተላይት አንድን ቦታ ደጋግሞ ያነሳል፤ ፎቶዎቹ ግን በልክ አይገጥሙም፣ ትንሽ ይዛነፋሉ። እነሱ ያሳዩት ይህ መዛነፍ ጉዳት ሳይሆን መረጃ መሆኑን ነው።

በምሳሌ እንየው። ፒክስላችን 2 ሳንቲሜትር ይሁንና ከፊቱ ያለው ነገር ከሁለቱ አንዱ ነው እንበል፦ የፒክስሉን አንድ ጎን ግማሽ የያዘ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ጥቁር ሰረዝ፣ ወይም 2 ሳንቲሜትር የሆነ ግማሽ ጥቁር ጥላ። በመጀመሪያው ፎቶ ፒክስሉ ለሁለቱም «50 በመቶ ጥቁር» ይላል። መለየት አይቻልም። አሁን ስልኩ በግማሽ ፒክስል ይንሸራተት። ሰረዝ ከሆነ አንዱ ፒክስል 50፣ ጎረቤቱ 0 ይላል። ጥላ ከሆነ ሁለቱም 25፣ 25 ይላሉ። በቃ፣ ተለየ! ማንም አልገመተም፤ ሁለተኛው ፎቶ ራሱ ተናገረ። መንሸራተቱ ልክ አንድ ሙሉ ፒክስል ቢሆን ኖሮ ግን አዲስ ነገር አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አንድ ፎቶ ብቻ ይዞ ማስፋት ነው። ቤከር እና ካናዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ከደበዘዘ ምስል የፊትን ዝርዝር የሚፈጥር ዘዴ ሲያቀርቡ ስሙን ራሱ «ቅዠት» አሉት። ሐቀኛ ስም ነው። ዘዴው ቀድሞ ያያቸውን ምስሎች አስታውሶ «እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል» ይላል። ከ2014 ወዲህ የነርቭ መረብ ሥራውን እጅግ አሳመረው፤ ሆኖም ከአንድ «50» ሰረዝና ጥላን መለየት አሁንም አይችልም። የሚመርጠው የለመደውን ነው። ለምሳሌ በልምምዱ ቂን አዘውትሮ ካየ፣ «መቄት»ን ጥርት ባለ ፊደል «መቂት» ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ድብዝዝ ያለ ስህተት ያጠራጥራል፤ የጠራ ስህተት ግን ይታመናል።

የፃይ እና የሁዋንግ ሐሳብ ስልክ ውስጥ በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግል ፒክስል 3ን ሲያወጣ ነው። ዙም አድርጋችሁ ስታነሱ ስልኩ በተከታታይ ብዙ ፎቶ ያነሳል። መንሸራተቱን የሚሰጠው የእጃችሁ ተፈጥሯዊ መንቀጥቀጥ ነው። ስልኩ በማቆሚያ ላይ ከሆነስ? ሌንሱን ሆን ብሎ ያወዛውዘዋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ፎቶ መዛነፍ ከፒክስል ባነሰ ልክ ለክቶ፣ ነጥቦቹን በየቦታቸው አስቀምጦ ያዋህዳል።

ይህም ወሰን አለው። ሌንሱ ራሱ ያደበዘዘውን ዝርዝር ሺህ ፎቶ አይመልሰውም፤ ስለዚህ በተግባር የሚገኘው ጥራት ቢበዛ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በእኛ ሰሌዳ ሁለት እጥፍ ማለት ምልክቷ ከአንድ ተኩል ወደ ሦስት ፒክስል ታድጋለች ማለት ነው፤ ሰረዝን ከቀለበት ለመለየት ጠባብ ግን እውነተኛ ዕድል። በፎቶዎቹ መካከል የተንቀሳቀሰ ነገርም አለ። የሚያልፍ ሰው ወይም ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል ከተዋሃደ እንደ ጥላ ይደራረባል፤ አልጎሪዝሙ እዚያ ቦታ ላይ ሌሎቹን ፎቶዎች ይጥላል፣ ያ ክፍልም ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

የእናንተ ስልክ የትኛውን እንደሚሠራ ፈትኑት። ወረቀት ላይ ትርጉም በሌለው ቅደም ተከተል «ቄቁቂቂቄቁ» ብላችሁ ጻፉና ቅጂውን ኪሳችሁ ያዙ። ፊደሉ ሊነበብ ሲል እስኪያስቸግር ድረስ ራቁና ዙም አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያም አንድ ሙሉ ፎቶ ያለ ዙም አንስታችሁ በማስፊያ አፕ አሳድጉት። ሁለቱንም ከቅጂው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ያልተነበበው ፊደል ደብዝዞ ከቀረ ስልኩ አላየውም፤ ጠርቶ ከተሳሳተ ግን ገምቷል ማለት ነው።