ወደብ አልባነትና የትራንዚት ወጪ

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የኤርትራን ነጻነት ተከትሎ የባሕር በር አልባ ሆናለች። በ1990 ዓ.ም ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም በአሰብ ወደብ መጠቀሟን በማቋረጧ፣ አብዛኛው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል ይካሄዳል።

የትራንዚት ወጪን የሚወስነው ርቀት ብቻ አይደለም። በዩኒሞዳል ሥርዓት አስመጪው ዕቃውን ጅቡቲ ላይ ተረክቦ ራሱ ያጓጉዛል። የባንክ ወይም የጉምሩክ ሰነድ ከዘገየ ኮንቴይነሩ ከነጻ የቆይታ ጊዜው በላይ በወደቡ ይቆያል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ይፈጸማል። በመልቲሞዳል ሥርዓት ግን አንድ አጓጓዥ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ዕቃውን እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያደርሳል። የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ በዚያው ስለሚፈጸም የመጋዘን ኪራዩ በብር ይከፈላል።

ይሁንና ባዶው ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ መመለስ አለበት። አስመጪው ዕቃውን ሳያነሳ ከዘገየና ኮንቴይነሩ የውጭ መርከብ ድርጅት ንብረት ከሆነ፣ ድርጅቱ ለመዘግየቱ በየቀኑ የሚታሰብ ክፍያ ይጠይቃል። በተጨማሪም የገቢ ጭነት ከወጪው በክብደት ስለሚበልጥ በርካታ ተሽከርካሪዎች ባዷቸውን ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ የዚህ ጉዞ ወጪ በገቢ ዕቃው ማጓጓዣ ዋጋ ላይ ይታከላል። በመሆኑም የወጪ ንግዱ ካላደገ የወደብ አሠራር መቀላጠፍ ብቻውን ይህን ወጪ አያስቀርም።