ባሕር የሌለበት የውኃ ዑደት፦ በጎጃም ደጋ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የቀረበ የትምህርት ዕቅድ

በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው የውኃ ዑደት ሥዕል ብዙውን ጊዜ ከባሕር ይነሣል። ፀሐይ ባሕሩን ታሞቃለች፤ ተኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደመናው ተራራ ላይ ይዘንባል፤ ወንዙም ውኃውን ወደ ባሕሩ ይመልሰዋል። ደብረ ማርቆስ አካባቢ የሚማር የ6ኛ ክፍል ልጅ ግን ባሕር አያይም። የሚያየው ጨሞጋ ከጮቄ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ነው። ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን እንደሚገባ ያውቃል። ስለዚህ ሥዕሉን ሲያይ የሚመጣበት ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ውኃ በምን መንገድ ይመለሳል? ከዚህ በታች የቀረበው የ40 ደቂቃ ትምህርት የተገነባው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱ መምህሩ አስቀድሞ ሊሠራው በሚችል ቀላል ስሌት ውስጥ አለ። እስከ ሱዳን ድንበር ያለው የዓባይ ተፋሰስ ስፋት 175,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት በአማካይ 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብበታል ብንል፣ ጠቅላላው ዝናብ ወደ 230 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ወንዙ ድንበሩን ተሻግሮ የሚወስደው ደግሞ በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። እንግዲህ ዓባይ የሚወስደው ከዘነበው አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው ከአፈር፣ ከሰብል፣ ከሣርና ከዛፍ ተንኖ እዚያው ወደ አየር ይመለሳል። ስሌቱ የመላውን ተፋሰስ አማካይ ያሳያል። ዝናብ በሚበዛበትና ቁልቁለቱ በሚያይልበት በጮቄ ዙሪያ ወደ ወንዝ የሚገባው ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፦ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ በአንዲት ቀጭን ቀስት የታለፈው ከየብስ የሚነሣው ትነት፣ በዚህ አገር ትልቁ የውኃ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ለዓይን አይታይም፤ የክፍሉ ሙከራ ሥራም የማይታየውን መንገድ ለተማሪው ማስረዳት ነው።

ትምህርቱ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ ይመረጣል። በዚያ ወቅት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት ጤዛ ያረፈበትን ሣር እየረገጡ ነው። መምህሩ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ሌሊት ዝናብ ሳይዘንብ ሣሩን ያራሰው ውኃ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በደብተሩ ይጽፋል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ማረምም ማመስገንም የለበትም፤ የተጻፈው ግምት በኋላ ከሚታየው ጋር የሚነጻጸር ነውና።

ለሙከራው ሦስት አፈ ሰፊ የብርጭቆ ጠርሙሶች፣ በላያቸው የሚከደኑ ሦስት የብረት ሳህኖች፣ በፔርሙስ የመጣ ትኩስ ውኃ፣ ትኩስና የቀዘቀዘ ወፍራም ሻይ፣ እንዲሁም ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃሉ። በረዶ አያስፈልግም፤ ሲያድር በደጋው ብርድ የቀዘቀዘ ውኃ ሥራውን ይሠራል። በአንደኛውና በሁለተኛው ጠርሙስ እስከ ሲሶአቸው ድረስ ትኩስ ወፍራም ሻይ ይቀዳል፤ በሦስተኛው ተመሳሳይ መጠን ያለው የቀዘቀዘ ሻይ ይገባል። በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ የሚከደነው ሳህን ቀዝቃዛ ውኃ ይይዛል፤ የሁለተኛው ሳህን ግን ትኩስ ውኃ ይሞላበታል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሳህኖቹ ተራ በተራ ተነሥተው ሆዳቸው ይታያል። በአንደኛው ሥር ጠብታዎች ተንጠልጥለዋል፤ በሌሎቹ ሁለት ሥር ምንም የለም፣ ካለም እጅግ ጥቂት ነው። ተማሪው ከዚህ የሚያገኘው ሙቀት ብቻውን፣ ቅዝቃዜም ብቻውን እንደማይበቃ ነው፦ ተን የሚያስነሣ ሙቀትና ተኑን የሚመልስ ቀዝቃዛ ገጽ አብረው መገኘት አለባቸው።

በተራ ውኃ ፈንታ ሻይ የተመረጠው በምክንያት ነው። ብዙ ልጆች ጠብታው ሲቀዳ የተፈናጠቀ ነው ብለው ያስባሉ። ተፈናጥቆ ቢሆን ኖሮ የሻይ ቀለም ይኖረው ነበር። ጠብታው በነጭ ወረቀት ሲነካ ግን ቀለም የለውም። ስለዚህ ውኃው ቀለሙን ታች ትቶ፣ በማይታይ መልክ ወጥቶ፣ ሳህኑ ሥር እንደገና ውኃ ሆኗል።

ሙከራው የሚበላሽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ሳህኑ ከሥሩ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ካልተወለወለ ማስረጃው ይረክሳል። የሳህኑ ውኃ ለብ ካለ ጠብታው ማደጉን ያቆማል፤ በሌላ ቀዝቃዛ ውኃ መለወጥ ይኖርበታል። ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቀት ይጨማደዳል፤ የብርጭቆው ጠርሙስም አስቀድሞ በለብታ ውኃ ካልሞቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ መምህሩን የሚያስጨንቀው ግን የሁለተኛው ጠርሙስ ነገር ነው፦ ሳህኑ ሥር ደረቅ ሆኖ ሳለ የጠርሙሱ ግድግዳ ከውስጥ ያልበዋል። አንድ ተማሪ ይህን አይቶ «ይኸውና፣ እዚህም ውኃ አለ» ማለቱ አይቀርም። ይህ የሙከራው ስሕተት አይደለም። ግድግዳው ከክፍሉ አየር ጋር ስለሚነካካ ከተኑ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። መምህሩ ይህን ምላሽ ራሱ ከመስጠት ይልቅ ልጁ ግድግዳውንና ሳህኑን በጥንቃቄ በጣቱ ነክቶ እንዲያወዳድር ቢያደርግ፣ የትምህርቱ ዋና ሐሳብ ከተማሪው አፍ ይወጣል።

ውኃው እዚያው ክፍል ውስጥ መፍላት የለበትም። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ማፍላቱ አይከብድም፤ ጉዳቱ ሌላ ነው። ኦዝቦርንና ኮስግሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኒው ዚላንድ ጥናት፣ ብዙ ተማሪዎች በሚፈላ ውኃ ውስጥ የሚታየው አረፋ አየር ነው ብለው መለሱ። አረፋው ራሱ የውኃ ተን ነው። የሚፈላ ውኃ ይህን አዲስ ጥያቄ ከመጨመሩም በላይ፣ ትነት የሚኖረው ውኃ ሲፈላ ብቻ ነው የሚል እምነት ይተክላል። እርጥብ ነጠላ ግን በብርድ ቀንም በገመድ ላይ ይደርቃል።

የሳህኑ ሙከራ ራሱ የሚያስከትለው የተሳሳተ ሐሳብም አለ፤ መምህሩ ሳይጠየቅ ሊናገረው ይገባል። ልጁ ጮቄን እንደ ሳህኑ አድርጎ፣ ተኑ ቀዝቃዛው ተራራ ላይ ተለጥፎ ዝናብ የሚሆን ሊመስለው ይችላል። ለጤዛ ይህ ሥዕል ትክክል ነው፤ በሌሊት የቀዘቀዘው ሣር የሳህኑን ሥራ ይሠራል። ደመና የሚፈጠረው ግን በሌላ መንገድ ነው። እርጥብ አየር ዳገቱን ይዞ ሲወጣ ከበላዩ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ አየሩ ይስፋፋል፤ በመስፋፋቱም ራሱ ይቀዘቅዛል። ተኑ የሚሰበሰበውም በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ የአቧራና የጢስ ብናኞች ዙሪያ ነው።

አሁን የመግቢያው ጥያቄ ሊመለስ ይችላል። መምህሩ አምስት ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ አንዱን «ዓባይ ወሰደው» ብሎ ይለያል፤ አራቱ የት እንደሚሄዱ ክፍሉን ይጠይቃል። ጠዋት በባሕር ዛፍ ቅጠሎች ላይ ታስሮ የነበረ ብርሃን አሳላፊ ፌስታል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቅጠሉ ያወጣው ውኃ በውስጡ ተጠራቅሞ ይታያል። ይሁን እንጂ ከጎጃም የተነነው ሁሉ ጎጃም ላይ ይዘንባል ማለት አይደለም። ነፋስ ይወስደዋል፤ የክረምቱ ዝናብም ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ አቅጣጫ የሚመጣ እርጥበት ይቀላቀልበታል። ዑደቱ የሚዘጋው በምድር ደረጃ እንጂ በአንድ ወረዳ አይደለም።

በመጨረሻዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ተማሪዎች በጮቄ ላይ የወደቀ አንድ ጠብታ ሊሄድባቸው የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ በቀስት ይሥላሉ። መምህሩ ወረቀቶቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። ጠብታውን በወንዝ ወደ ባሕር ብቻ የወሰዱት የመጽሐፉን ሥዕል ደግመዋል፤ ለእነሱ ፌስታሉን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደገና ማሳየት ይገባል። ከመሬትና ከቅጠል ወደ አየር የሚመለስ ቀስት የጨመሩት የዕለቱን ትምህርት ይዘዋል። ጠብታውን ወደ መሬት አስርገው በበጋ ከምንጭ ያወጡት ደግሞ መምህሩ ገና ያላስተማረውን ቀድመው ደርሰውበታል፤ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በእነሱ ሥዕል ይጀምራል።