ከውጭ አገር ደንበኛ የሚላክ ክፍያ በየትኛው መንገድ ቢመጣ ይሻላል?

አዲስ አበባ፤ በአገር ውስጥ ተቀምጠው ለውጭ አገር ደንበኞች የትርጉም፣ የሶፍትዌር፣ የሕንፃ ንድፍና የሂሳብ ሥራ የሚያከናውኑ ባለሙያዎች ሥራውን ካስረከቡ በኋላ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍያው በምን መንገድ ይምጣ የሚለው ነው። ብዙዎች የሚያወዳድሩት በደረሰኝ ላይ የሚታየውን የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከተላከው ገንዘብ የሚቀነሰው ከፍ ያለው ድርሻ ብዙውን ጊዜ በደረሰኝ ላይ ሳይጻፍ በምንዛሪ ተመኑ ውስጥ ተካትቶ የሚታለፍ ነው።

ሕጋዊ ከሆኑት መንገዶች የተለመዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት መረብ የሚደረግ ዝውውር ሲሆን፣ ሁለተኛው በዓለም አቀፍ የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች በኩል የሚላክ ሐዋላ ነው።

በስዊፍት የሚላክ ገንዘብ ሁልጊዜ ከላኪው ባንክ ተነስቶ በቀጥታ ተቀባዩ ባንክ አይገባም። ሁለቱ ባንኮች እርስ በርስ ሂሳብ ከሌላቸው መሐል ላይ አገናኝ ባንክ ይገባል፤ ይህ ባንክም የድካሙን ከዝውውሩ ላይ ይቆርጣል። ለዚህ ነው 1 ሺህ ዶላር የጠየቀ ባለሙያ በሂሳቡ 975 ዶላር ገብቶ የሚያገኘውና ደንበኛው አጉድሎብኛል ብሎ የሚያማርረው። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የሚወሰነው ላኪው በሚሞላው ቅጽ ላይ ባለች አንዲት ምርጫ ነው። OUR የሚለው ሲመረጥ ላኪው ሁሉንም ይከፍላል፤ SHA ሲመረጥ ላኪው የራሱን ባንክ ወጪ ብቻ ይከፍልና የመንገዱ ወጪ በተቀባዩ ላይ ይወድቃል፤ BEN ከሆነ ደግሞ ሁሉም ከተቀባዩ ይቆረጣል። ደንበኛው ምንም ካልተነገረው በአብዛኛው SHA ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ምርጫው በክፍያ መጠየቂያው ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ በኋላ ከመከራከር ያድናል።

የሐዋላ ድርጅቶች በበኩላቸው ከላኪው የሚያስከፍሉት አነስተኛ ነው፤ ገንዘቡም በደቂቃዎች ወይም በማግሥቱ ይደርሳል። ተቀባዩ የሚያገኘው ግን ብር ሲሆን፣ ተመኑንም የሚወስነው አስተላላፊው ነው። ይህ ተመን በዕለቱ ባንኮች ለዝውውር ከሚለጥፉት የመግዣ ተመን ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል የባንኩ የዝውውር መግዣ ተመን ለአንድ ዶላር 150 ብር፣ የሐዋላው ተመን 147 ብር፣ አገናኝ ባንኩ የሚቆርጠውም 25 ዶላር ነው እንበል። ደንበኛው 300 ዶላር ቢልክ በስዊፍት የሚደርሰው 275 ዶላር በመሆኑ 41 ሺህ 250 ብር ይሆናል፤ በሐዋላ ግን 44 ሺህ 100 ብር ይገኛል። ገንዘቡ 5 ሺህ ዶላር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በስዊፍት 746 ሺህ 250 ብር ሲደርስ በሐዋላ 735 ሺህ ብር ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የስዊፍቱ ወጪ ገንዘቡ ቢበዛም ቢያንስም ያው ሲሆን፣ የሐዋላው ወጪ ከእያንዳንዱ ዶላር 3 ብር እየቆረጠ አብሮ ያድጋል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ የሚስተካከሉት 1 ሺህ 250 ዶላር ላይ ነው። ተመኖቹ በየዕለቱ ስለሚለዋወጡ ማንም የራሱን ስሌት ለመሥራት የመሐል ባንኩን ቅናሽ ወደ ብር ቀይሮ በሁለቱ ተመኖች ልዩነት ማካፈል ይበቃዋል። ከሚገኘው ውጤት በታች ሐዋላ፣ በላይ ደግሞ ስዊፍት ያዋጣል።

ተመን ሲያነቡ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባንኮች ሁለት የመግዣ ተመን ይለጥፋሉ፤ አንዱ ለጥሬ ገንዘብ፣ ሌላው ለዝውውር። ከውጭ በሂሳብ ለሚገባ ክፍያ የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። የሚታሰበውም ደንበኛው በላከበት ሳይሆን ገንዘቡ በተመነዘረበት ዕለት ተመን ነው።

ስሌቱ ብቻውን ግን አይወስንም። በርካታ የሐዋላ ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ለቤተሰብና ለግል ድጋፍ የወሰኑ በመሆናቸው የሥራ ክፍያ መሆኑ ሲታወቅ ዝውውሩን ሊያግዱ ይችላሉ። በአንድ ጊዜና በወር የሚላከው ላይም ጣሪያ አላቸው። ከሁሉም በላይ በሐዋላ የመጣ ብር የአገልግሎት ወጪ ንግድ ገቢ ተብሎ ለመመዝገብ የሚያበቃ ሰነድ አያስከትልም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ክብደት ያገኘው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይፋ ከሆነው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ላኪዎች ካገኙት ምንዛሪ ከፊሉን ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። በማሻሻያው ይህ ግዴታ ቀርቶ ግማሹን በራሳቸው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲያቆዩ፣ ቀሪውን ለባንካቸው በድርድር እንዲሸጡ ተፈቀደ። ነዋሪ ግለሰቦችም ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት እንዲችሉ ሆኗል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከማሻሻያው በፊት 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም መድረሱ ሲታወስ፣ ጥቂት ሳምንት በዶላር የቆየና ወዲያው የተመነዘረ ክፍያ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። በሂሳቡ ያለው ዶላር ግን እንደ ልብ በጥሬው የሚወጣ አይደለም። ለውጭ አገር አገልግሎት፣ ለትምህርት፣ ለጉዞና ለመሳሰሉት ክፍያዎች የሚውል ነው። የማቆያ ድርሻውና ጊዜው በመመሪያ ስለሚሻሻል ሂሳቡን ከመክፈት በፊት ከቅርንጫፉ መጠየቅ ይገባል።

ብሩን ማውጣትም የራሱ ወሰን ነበረው። ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ አንድ ግለሰብ በቀን ከ200 ሺህ፣ በወር ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ በጥሬ ገንዘብ እንዳያወጣ ደንግጎ ነበር፤ ጣሪያው በዚያው ዓመት ማግሥት ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለው ገደብ የሚመለከተው ጥሬ ገንዘብን በመሆኑ ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠብቅ ሰው ወጪዎቹን ከሂሳብ ወደ ሂሳብ በማዛወር ቢሸፍን አይቸገርም።

በስዊፍት የሚመጣ ገንዘብ ከሁለት እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ከዚያ ካለፈ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከስም ነው። የውጭ አገር ቅጾች የቤተሰብ ስም ሲጠይቁ ደንበኛው የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ፈለገ ያስቀምጣል፤ በላቲን ፊደል አጻጻፉም ከባንክ መዝገቡ ይለያል። ጸሐይ የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ በሦስትና በአራት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። ስለሆነም ስሙ በባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ተገልብጦ ለደንበኛው መላክ አለበት። ሌላው እንቅፋት IBAN የሚለው ሣጥን ነው። ኢትዮጵያ ይህን ቁጥር ስለማትጠቀም በቦታው የሂሳብ ቁጥሩ ይገባል፤ የባንኩ መለያ ለብቻው ይጻፋል፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ CBETETAA ነው።

ገንዘቡ ተልኳል እየተባለ ካልታየ ከደንበኛው የሚጠየቀው የባንኩ ማሳወቂያ ሳይሆን የስዊፍት ዝውውሩ ሰነድ ቅጂ ነው። በእርሱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ ያሳያል። አንዳንዴም ገንዘቡ ደርሶ ተቀባዩ ባንክ ስለ ምንጩ ማስረጃ እየጠበቀ ይሆናል፤ ያኔ ውሉና የክፍያ መጠየቂያው ሲቀርብ ይለቀቃል።