ተደጋጋሚ ፖልና የ`t` ምንጭ፦ የሦስት ታንኮች ትክክለኛ የስቴፕ ምላሽ

ውሃቸው በደንብ የሚማሰል ሦስት ታንኮች በተርታ ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያው 100 ሊትር ይይዛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 50 ሊትር። በደቂቃ 100 ሊትር ንጹህ ውሃ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይፈስሳል። ድንገት የሚገባው ውሃ ጨዋማ ይሆንና በዚያው ይቀጥላል። የገባውን የጨው መጠን 1 ብለን ብንይዘው፣ በሦስተኛው ታንክ መውጫ ላይ ከ`t` ደቂቃ በኋላ ስንት እናገኛለን?

የአንድ ታንክ የጊዜ ቋሚ ይዘቱ ለፍሰቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። እዚህ 1፣ 0.5 እና 0.5 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ የመውጫው የላፕላስ ትራንስፎርም የሚከተለው ነው፦

```
Y(s) = 4 / [ s (s+1) (s+2)^2 ]
```

ሁለቱ ትንንሽ ታንኮች እኩል ስለሆኑ `s = -2` ላይ ያለው ፖል ተደጋግሟል። በከፊል ክፍልፋዮች ስንበትነው ለዚህ ፖል አንድ ሳይሆን ሁለት ክፍልፋይ መመደብ አለብን፦

```
Y(s) = A/s + B/(s+1) + C/(s+2) + D/(s+2)^2
```

ከአራቱ ሦስቱ በሄቪሳይድ የመሸፈን ዘዴ ወዲያው ይወጣሉ። ከታህቱ `s`ን ሸፍነን በቀረው ውስጥ 0 ስንተካ `A = 1`፣ `(s+1)`ን ሸፍነን -1 ስንተካ `B = -4`፣ `(s+2)^2`ን በሙሉ ሸፍነን -2 ስንተካ `D = 2` እናገኛለን። `C` ግን በዚህ መንገድ አይገኝም፤ `(s+2)`ን አንድ ጊዜ ብቻ ብንሸፍን ሌላው `(s+2)` ከታህቱ ላይ ይቀርና ዜሮ ያመጣብናል። መማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት መፍትሔ `4/[s(s+1)]`ን ዲፈረንሺየት አድርጎ -2 ላይ ማስላት ነው፤ መልሱ 3 ይሆናል። ትክክል ነው፣ ነገር ግን የምልክት ስህተት የሚበዛው እዚሁ ላይ ስለሆነ እኔ ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። ሁለቱንም ወገን በ`s` አባዝተን `s`ን ወደ መጨረሻ የለሽ ብንወስደው ግራው ዜሮ ይሆናል፣ ቀኙ ላይ የሚቀረው `A + B + C` ብቻ ነው። `1 - 4 + C = 0` ስለሆነ `C = 3`። ስለዚህ፦

```
y(t) = 1 - 4e^(-t) + 3e^(-2t) + 2t e^(-2t)
```

መልሱ ልክ መሆኑን ታንኮቹ ራሳቸው ይነግሩናል። ጨው ሁለት ታንክ ሳያልፍ ሦስተኛው ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ መነሻው ላይ `y` ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዴሪቬቲቭም ዜሮ መሆን አለባቸው። ስናሰላቸው `1 - 4 + 3`፣ `4 - 6 + 2` እና `-4 + 12 - 8` ይመጣሉ፤ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። `C`ን የረሳ ተማሪ ግን `y(0) = -3` ያገኛል፤ ከዜሮ በታች የወረደ የጨው መጠን ማለት ነው። ከ1 ደቂቃ በኋላ ትክክለኛው ምላሽ 0.205፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ደግሞ 0.823 ነው።

ግን `t` ከየት መጣ? ብዙዎች እንደ ሕግ ሸምድደው ያልፉታል። ሁለቱ ትንንሽ ታንኮች ፍጹም እኩል ባይሆኑ፣ አንዱ በ25 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢተርፍ፣ ሌላው በዚያው መጠን ቢጎድል፣ ፖሎቹ -1.999 እና -2.001 ይሆናሉ። ፖል አልተደጋገመምና መሸፈን ብቻ ይበቃል፤ የሚወጣው ግን ይህ ነው፦

```
1001.5 e^(-1.999t) - 998.5 e^(-2.001t)
```

የሁለቱ ቁጥሮች ድምር 3 ነው፤ ያው `C`። ከዚህ ሌላ የሚተርፈው በ1000 የተባዛ የሁለት ተቀራራቢ ኤክስፖኔንሻሎች ልዩነት ነው። ፖሎቹ እየተጠጉ ሲሄዱ ልዩነቱ ያንሳል፣ አባዢው ይገዝፋል፣ ውጤቱም `2t e^(-2t)` ላይ ይረጋል። `t` የዚህ ግፊያ ውጤት ነው።

ይህ ለስሌትም ይተርፋል። ኤክስፖኔንሻሎቹን በአራት አሃዝ አጠጋግተን `t = 1` ላይ በተለያዩት ፖሎች ብናሰላ 0.234 ይመጣል፤ በተደጋገመው ቀመር ግን 0.2049፣ ማለትም ከእውነተኛው 0.2052 ጋር የተጠጋ። የመጀመሪያው ቀመር ለትክክለኛዎቹ ታንኮች የበለጠ ታማኝ ነው፤ ሆኖም ሁለት ግዙፍ ቁጥሮችን ሲያቀናንስ አሃዞቹን ይበላቸዋል። ኮምፒውተርም ከዚህ አያመልጥም፤ ከተበተነ ፖሊኖሚያል የድርብ ሥር ሲፈልግ በ10⁻⁸ ገደማ የተለያዩ ሁለት ሥሮች ሊያወጣ ይችላል፣ አባዢዎቹም ወደ መቶ ሚሊዮን ይደርሳሉ።

```python
from scipy.signal import residue
r, p, k = residue([4], [1, 5, 8, 4, 0])
```

ይህ ትእዛዝ ከ0.001 በታች የሚለያዩትን ሥሮች እንደ አንድ ይቆጥራል (`tol` የሚለውን በመቀየር ማጥበቅ ይቻላል)። በ`p` ውስጥ -2 ሁለት ጊዜ ሲታይ፣ ከፊት ያለው የ`r` ቁጥር የ`1/(s+2)` ነው፣ ተከታዩ የ`1/(s+2)^2`። 3 እና 2 ፈንታ እጅግ ግዙፍና ምልክታቸው የተቃረነ ጥንድ ካየን፣ መሣሪያው ድርቡን ፖል ለሁለት ሰንጥቆታል ማለት ነው።