የዕቅድ ሕጸጽ፦ የስድስት ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን የሚፈጀው ለምንድን ነው?

«ፕላኒንግ ፋላሲ» የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቁት እስራኤላውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። በአማርኛ «የዕቅድ ሕጸጽ» ልንለው እንችላለን። አንድ ሰው ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ሥራዎች እንደዘገዩበት እያወቀ፣ አሁን የያዘው ግን ባሰበው ጊዜ እንደሚያልቅ ከልቡ ሲያምን በዕቅድ ሕጸጽ ውስጥ ገብቷል እንላለን። «ከልቡ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አለቃውን ለማስደሰት አውቆ ቀኑን የሚያሳጥር ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕጸጹን መጠን በደንብ ያሳየው ሮጀር ቢውለር፣ ዴል ግሪፊን እና ማይክል ሮስ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያገባድዱ የደረሱ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። መልሱ በአማካይ 34 ቀን ሆነ። ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። በተግባር ግን በአማካይ 56 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ክፉውን ሁሉ አስበው የሰጡት ግምት እንኳ አልበቃም ማለት ነው።

ምክንያቱን ካህነማን ራሳቸው ከደረሰባቸው ነገር ተነሥተው ያስረዳሉ። በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ቡድን ነበራቸው። አንድ ቀን እያንዳንዱ አባል ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በወረቀት እንዲጽፍ ተደረገ፤ ሁሉም በሁለት ዓመት ዙሪያ ጻፉ። ከዚያ ካህነማን የቡድኑን የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ሲሞር ፎክስን፣ ሌሎች እንዲህ ያሉ ቡድኖች ስንት ጊዜ ፈጀባቸው ብለው ጠየቋቸው። ፎክስ አሰቡና 40 ከመቶ የሚሆኑት ጨርሰው እንደማያውቁ፣ የጨረሱትም ከሰባት እስከ አሥር ዓመት እንደወሰደባቸው ተናገሩ። መጽሐፉ በመጨረሻ ስምንት ዓመት ፈጀ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፎክስ ራሳቸው ከጥቂት ደቂቃ በፊት በወረቀታቸው ላይ የጻፉት ግምት ነው፤ ይህን ሁሉ እያወቁ እሳቸውም ከሌሎቹ አልተለዩም። ስንገምት የምናየው ከፊታችን ያለውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ሲከናወን ነው፤ የቀድሞዎቹ ሥራዎች ታሪክ ከዚያ ሥዕል ውስጥ አይገባም።

ታዲያ የቀድሞውን ማስታወስ ይበቃል? አይበቃም፤ ያለፈ ሥራ የፈጀውን ጊዜም ብዙ ጊዜ አሳጥረን ነው የምናስታውሰው። ስለዚህ ሥራው እየተሠራ መጻፍ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ዋትስ ሃምፍሪ ለፕሮግራመሮች ያዘጋጁት የጊዜ መዝገብ ቀላል ነው፦ ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ በመሐል የባከነ ደቂቃ፣ የተጣራ ደቂቃ፣ የሥራው ዓይነት፣ አስተያየት። ቁም ነገሩ «በመሐል የባከነ» በሚለው ዓምድ ላይ ነው። ስልክ፣ ስብሰባ፣ ከባልደረባ ጋር የተደረገ ወሬ፣ የመብራት መጥፋት እዚያ ይገባሉ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ፕሮግራመር ለአንድ የሽያጭ ድርጅት ወርኃዊ የሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣ ገጽ እንዲሠራ ታዘዘ እንበል። «ስድስት ሰዓት ይበቃኛል» ብሎ ከመጀመሩ በፊት መዝገቡ ላይ ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 3:10 እስከ 4:50 መረጃውን ከዳታቤዝ ሲያወጣ ቆየ፤ 15 ደቂቃ በስልክ ስለሄደ የተጣራው 85 ደቂቃ ነው። ከ5:05 እስከ 6:20 ያለ ማቋረጥ ገጹን ሠራ፣ 75 ደቂቃ። ከሰዓት በኋላ ከ8:00 እስከ 10:30 ቀጠለ፤ 40 ደቂቃ ስብሰባ ወስዶበት 110 ደቂቃ ቀረ። ድምሩ 270 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል። ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ለዚህ ሥራ የዋለው ግን ይህ ብቻ ነው።

ገጹ ያለቀ መሰለው። በማግስቱ ሪፖርቱን ሲሞክረው የጳጉሜን ሽያጭ የለም። ፕሮግራሙ የተጻፈው ዓመቱን 12 ወር አድርጎ ነው። ጳጉሜን ብቻዋን ትውጣ ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመር የሚለውን ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር መነጋገርና የቀን ቅየራውን ማስተካከል ማቋረጡ ተቀንሶ 210 ደቂቃ ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱን ከደረሰኞች ጋር ማመሳከር 90 ደቂቃ፣ ሰርቨር ላይ ጭኖ ማስረከብ 50 ደቂቃ ወሰደ። ጠቅላላው 620 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። የግምቱ 1.7 እጥፍ ገደማ ነው።

መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሰውየው «እጄ ዘግይቷል» ብሎ ይደመድም ነበር። ቁጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። አስቀድሞ ያሰበውን ሥራ፣ ገጹን መሥራቱን፣ ከገመተው ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል። ጊዜውን የበላው ሲገምት ጭራሽ ያልታየው 350 ደቂቃ ነው፤ የቀን ቅየራ፣ ማመሳከር፣ ማስረከብ። የሚቀጥለው ግምት መስተካከል ያለበት እዚያ ነው እንጂ በኮድ አጻጻፍ ፍጥነቱ ላይ አይደለም። አለቃው ደግሞ «ስድስት ሰዓት» ሲባል «ዛሬ ማታ ይደርሳል» ብሎ ሰምቶ ይሆናል። በቀን ውስጥ ለአንድ ሥራ የሚተርፈው የተጣራ ሰዓት አራት ተኩል ከሆነ፣ ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሥራው ወደ ሁለተኛው ቀን ያልፍ ነበር።

መዝገቡ የሚጠቅመው ግን እውነት ከተጻፈበት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳምንቱን በአንዴ ከትዝታ የሞላ ሰው መዝገብ በቀላሉ ይታወቃል፦ ቁጥሮቹ 30፣ 60፣ 120 ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀን ልክ ስምንት ሰዓት ይሞላል፤ የባከነ የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። ሌላው ማጭበርበሪያ የተረፈውን ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ነው፤ ሁለት ሥራዎች ላይ የሐሰት ቁጥር ያስቀምጣል። የመጀመሪያውን ግምት ሰርዞ አዲስ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግምቱ ከተለወጠ አዲሱ ከሥሩ ይጻፍ፣ የቀድሞው ይቆይ። ስልክ ላይ የባከነን 40 ደቂቃ መጻፍ ሊያሳፍር ይችላል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ሥራው ከሆነው በላይ ከባድ መስሎ ይመዘገባል።

ከአንድ ሥራ በተገኘ 1.7 ብቻ ሕግ ማውጣት አይቻልም። አሥር ያህል ተመሳሳይ ሥራዎች ሲሰበሰቡ ትክክለኛውን ጊዜ ለግምቱ አካፍሎ ውጤቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር ነው። የመሐሉ 1.5፣ ትልቁ 2.2 ቢሆን፣ ለአዲስ የስድስት ሰዓት ግምት «ዘጠኝ ሰዓት ይመስለኛል፣ እስከ 13 ሊደርስ ይችላል» ማለት ይቻላል። ሠርተነው ለማናውቀው ዓይነት ሥራ ይህ አይረዳም፤ ያኔ ፎክስ እንደተጠየቁት፣ ቀድሞ የሠራውን ሰው ስንት እንደፈጀበት መጠየቅ ይሻላል።

ሠራተኞቻችሁን መዝገብ የምታስይዙ ኃላፊዎች፣ አደራ፣ መዝገቡን ለቅጣት አትጠቀሙበት። ስድስት ብሎ በአሥር የጨረሰን ሰው ከተቆጣችሁት፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የሚመጣላችሁ መዝገብ ሁሉ ግምቱና ትክክለኛው እኩል ነው፤ ሥራው ግን እንደ ወትሮው ይዘገያል።