የትኩሳት መንቀጥቀጥ

የትኩሳት መንቀጥቀጥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ፣ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ማጅራት ገትርን ከመሰለ የአንጎል ኢንፌክሽን የተነሣ ከሆነ በዚህ ስም አይጠራም። ከ100 ልጆች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን ያጋጥማል፤ በብዛት የሚታየውም ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ ነው። ወላጅ ወይም ወንድምና እህት በልጅነታቸው አጋጥሟቸው ከነበረ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል።

ነገሩ እንዴት እንደሚታይ የሚከተለው የአዲስ አበባ ክሊኒክ ታሪክ ያሳያል። ታሪኩ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

የ18 ወር ልጇን ታቅፋ የገባችው እናት እንባዋን መግታት አልቻለችም። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞታል። ጠዋት ትኩሳቱ ባንድ ጊዜ ጨመረና ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ሰውነቱ ደረቀ፤ ከዚያ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከንፈሩ ጠቆረ። ጎረቤት ክብሪት ጭራ አሸተተችው፤ አንዷ ደግሞ ጥርሱ እንዳይገጥም ብላ ማንኪያ ልታስገባ ሞከረች። እናት የሞተ መስሏት ነበር።

«ስንት ደቂቃ ቆየ?» አላት ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ እኔማ አንድ ሰዓት የቆየ ነው የመሰለኝ።»

አብራት የመጣችው ጎረቤት ግን ሰዓት አይታ ነበር፦ ሁለት ደቂቃ ያህል። ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ። መላ ሰውነቱን ነው ወይስ አንዱን ጎን ብቻ? ዛሬ ደግሞታል? ሰሞኑን ወደ ቆላ አገር ሄዳችሁ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ወባን ለማሰብ ነው፤ ወደ አንጎል የወጣ ወባም ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያመጣልና።

መልሶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ። መላ ሰውነትን የያዘ፣ ከ15 ደቂቃ በታች የቆየና በ24 ሰዓት ውስጥ ያልደገመ መንቀጥቀጥ ቀላል የሚባለው ዓይነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውስብስብ ይባላል፤ ሰፋ ያለ ምርመራም ይፈልጋል።

ሐኪሙ በመልሱ ብቻ አልረካም። የልጁን አንገት ወደ ደረቱ ጎንበስ አድርጎ ግትርነት እንደሌለው አየ። ከጣቱ ደም ወስዶ ስኳሩ እንዳልወረደ አረጋገጠ። በጆሮው ውስጥ ሲመለከት የጆሮው ታምቡር ቀልቶ አብጧል፤ የትኩሳቱ ምንጭ ተገኘ። ልጁ ከእንቅልፉ ነቅቶ እናቱን ለየ፤ ጡትም ያዘ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ጥቂት መተኛት የተለመደ ነው፤ ሲያነቁት የማይነቃ ልጅ ግን ያሳስባል።

«የሚጥል በሽታ ነው?» ስትል እናት ጠየቀች።

«አይደለም። በሱ ዕድሜ አንጎል ገና እያደገ ስለሆነ ትኩሳት በቀላሉ ይረብሸዋል። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ አንጎሉን አይጎዳውም።»

ይህ ንግግሩ መሠረት አለው። ካሪን ኔልሰንና ዮናስ ኤለንበርግ በአሜሪካ 1,706 እንዲህ ያጋጠማቸውን ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው ተከታትለው ውጤቱን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። የልጆቹ የማሰብ ችሎታ ከወንድምና እህቶቻቸው አላነሰም፤ የሚጥል በሽታ የያዛቸውም ከ100 ሁለት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ከሌሎች ልጆች በመጠኑ ይበልጣል። ዕድሉ ከፍ የሚለው መንቀጥቀጡ ውስብስብ ሲሆን፣ ልጁ አስቀድሞ የዕድገት ችግር ካለበት ወይም በቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ካለ ነው።

እናቲቱ ሌላም ነገር ተረዳች፤ ሊመለስ ይችላል። ከሦስት ልጆች አንዱን ያህል ዳግም ያጋጥመዋል፤ የመጀመሪያው የመጣው ከ1 ዓመት በፊት ከሆነ ደግሞ ከሁለት አንዱን። ፓራሲታሞል ልጁን ያሳርፈዋል እንጂ መንቀጥቀጡ እንዳይደገም አያደርግም። ስለዚህ መድኃኒት ሰጥታው ቢያንቀጠቅጠው እንኳ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በየቀኑ የሚወሰድ የመንቀጥቀጥ መከላከያም ለቀላሉ ዓይነት አይታዘዝም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣልና።

ቢደገም የምታደርገውን ሐኪሙ አሳያት። ልጁን ከሚጎዳው ነገር አርቃ በጎኑ ታስተኛዋለች፤ ልብሱን ከአንገቱ ላይ ታላላለች፤ ሰዓት ታያለች። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም፤ ጥርሱን ሊሰብር ወይም አየር ሊዘጋበት ይችላል። እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝም አያስፈልግም። ክብሪቱም አያቆመውም፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው ያቆመው በራሱ ነው።

መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ መጠበቅ አይገባም፤ ሆስፒታል ሲደርስ ማቆሚያ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዳያዜፓም፣ ይሰጠዋል። ቢያቆምም እንኳ ልጁ ካልነቃ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ያገኘውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም በዚያው ቀን ከደገመው ወዲያው መታየት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንቀጠቀጠው ልጅ ደግሞ፣ ቶሎ ቢያቆምለትም፣ በዚያው ቀን በጤና ባለሙያ መመርመር ይኖርበታል፤ ማጅራት ገትርንና ወባን ከቀላሉ መንቀጥቀጥ መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው።